«ሳቹሬሽን ላይ ደርሰናል» ሲባል ምን እንጠይቅ? የዓይነታዊ ምርምርን ጥራት መፈተሻ መመሪያ

ዓይነታዊ ምርምር የሚያነብ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመዋል። «ከ12 ቃለ መጠይቅ በኋላ አዲስ ሐሳብ ስላልተገኘ ሳቹሬሽን ላይ ተደርሷል» ይላል። ብዙ አንባቢ እዚህ ጋ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እኔ ግን የምቆመው እዚሁ ነው። ምክንያቱም ሳቹሬሽን፣ ማለትም የመረጃ ሙሌት፣ ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም። የተጠየቁት ሰዎች ተመሳሳይ ከሆኑ መልሱ ቶሎ ይደጋገማል። ለመልሶቹ የሚሰጠው መለያ ስም፣ ማለትም ኮዱ፣ ሰፊ ከሆነም ቶሎ ይደጋገማል። ጠያቂዋን ሰው ከፈራትም እንዲሁ። ስለዚህ ናሙናን፣ ኮዲንግን፣ ሙሌትንና ተመራማሪው ስለራሱ የጻፈውን እንደ አራት የተለያዩ ምዕራፎች ሳይሆን እንደ አንድ ሰንሰለት እንፈትሻቸው።

በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ምሳሌውን ለማስተማሪያ ነው የፈጠርኩት፤ የማንም ጽሑፍ አይደለም፣ ቁጥሮቹም የእኔ ናቸው።

አንዲት አዋላጅ ነርስ ማስተርሷን እየሠራች ነው እንበል። የምትሠራው ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። የእርግዝና ክትትል ያደረጉ እናቶች ምጥ ሲመጣ ለምን ቤታቸው እንደሚቀሩ ማወቅ ፈለገች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቁጥር ብቻም አይመለስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት የወለዱ 12 እናቶችን መረጡላት። ሁሉንም በጤና ኬላው ውስጥ አነጋገረቻቸው። መጨረሻ ላይ ሦስት ጭብጦች አወጣች፦ የትራንስፖርት ችግር፣ የግንዛቤ ማነስ እና የባል ውሳኔ። ከዚያ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

አሁን ጽሑፉ እጃችን ላይ ነው። ከየት እንጀምር?

አንደኛ፦ ማን እንደተጠየቀ ሳይሆን ማን እንደቀረ ፈልጉ

በመጠናዊ ጥናት የናሙና ጥያቄ «ስንት ሰው?» ነው። እዚህ ግን ጥያቄው «መልሱን ሊለውጥ የሚችል ልዩነት ያላቸው ሰዎች ገብተዋል ወይ?» የሚል ነው። «ዓላማ ተኮር ናሙና ተጠቅሜያለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዓላማው ምን እንደነበር መጻፍ አለበት።

አንድ ወረቀት ውሰዱ። በጎን ተጠያቂዎቹን ከ1 እስከ 12 ጻፉ። ከላይ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ለውጥ ያመጣሉ የምትሏቸውን ልዩነቶች አስቀምጡ። ለእኛ ምሳሌ አራት ይበቃሉ፦ ቤቷ ከመኪና መንገድ ምን ያህል ይርቃል? ስንተኛ ልጇ ነው? ባሏ አብሯት ነው ወይስ ሌላ አገር ነው? ከዚህ በፊት ጤና ጣቢያ ወልዳ ታውቃለች? ከዚያ ሳጥኖቹን ሙሉ። ጽሑፉ ሳጥኖቹን ለመሙላት የሚያስችል መረጃ ከሌለው ይህ ራሱ መልስ ነው።

በምሳሌያችን ወረቀቱ ሲሞላ እንዲህ ሆነ። ከ12ቱ 9ኙ ከመንገድ በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ከገደሉ ማዶ ካለው ጎጥ የመጣች አንዲትም የለችም። የመጀመሪያ ልጇን ጤና ጣቢያ ወልዳ ቀጣዩን ቤቷ የወለደች እናትም የለችም። ይህች እናት ግን የጥናቱ እምብርት ናት። ሁለቱንም አይታለች፤ አይታም መርጣለች። እሷ ሳትጠየቅ «ለምን ቤት ይቀራሉ?» የሚለው ጥያቄ በግማሹ ተመልሷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጠቋሚው ማን እንደሆነ እዩ። እዚህ ጠቋሚዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። በቀበሌዋ ቤት የወለደች እናት መኖሯ እንደ ሥራ ጉድለት ሊቆጠርባት ይችላል። ስለዚህ ክፋት ሳይኖርባት፣ የምትቀርባትን፣ ስትጠራ የምትመጣውን፣ ነገር የማታበዛውን እናት ትጠቁማለች። ማንም ሰው በእሷ ቦታ ቢሆን ያው ነው። መፍትሔው እሷን መተው አይደለም፤ ሁለተኛ በር መክፈት ነው። ወሎ ውስጥ ነፍሰ ጡር ስትከብድ ቡና አፍልተው ዱዓ የሚያደርጉላት ዱበርቲዎች አሉ። በመንደሩ ማን የት እንደወለደች ያውቃሉ። ወፍጮ ቤትም፣ የገበያ መንገድም ሌላ በር ነው። ጥሩ ጥናት ቢያንስ በሁለት በር ይገባል፤ በየትኛው በር ማን እንደተገኘም ይጽፋል።

ሁለተኛ፦ ከጭብጡ ወደ እናትየዋ ቃል ተመለሱ

ኮዲንግን ለመፈተሽ ሶፍትዌሩ ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም። ሶፍትዌር ኮድ ያስቀምጣል እንጂ አያስብም። የሚያስፈልገው ከውጤቱ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ጥቅሶችን መርጦ ወደ ኋላ መሄድ ነው፦ ከጭብጥ ወደ ኮድ፣ ከኮድ ወደ ሙሉው ጽሑፍ። አማካሪ ወይም ፈታኝ ከሆናችሁ የተጻፈውን ቃለ መጠይቅ ጠይቁና ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ አንድ ገጽ አንብቡ። የሚስጥር ግዴታ ካለ ስም ተሰርዞ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ከምሳሌያችን አንዱን እንይ። ከ6ኛዋ እናት ነው፤ «የትራንስፖርት ችግር» የሚል ኮድ ተሰጥቶታል፦

«መኪናውማ ይመጣል፤ ደውሉ ተብለናል። ግን ሌሊት ማን ይደውላል? ባለቤቴ ጅዳ ነው። ስልኩ ያለው አማቴ ጋ ነው። እሷ ደግሞ ‹አብሽሪ፣ እኛም የወለድነው እዚሁ ነው› አለችኝ። ዱበርቲዎቹም መርቀውኛል። ብሄድስ? እህቴን ብቻዋን ነው ያስተኟት፤ አጠገቧ የሚሆን ሰው አላስገቡም።»

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መኪናው ይመጣል ብላለች። ታዲያ የትራንስፖርት ችግሩ የቱ ጋ ነው? እዚህ ውስጥ ቢያንስ አራት ነገር አለ። ስልኩ በአማቷ እጅ ነው። የሚወስነው ባሏ ሳይሆን አማቷ ናት። የተመረቀችበት ቦታ ያጽናናታል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ምጧን ብቻዋን የምታሳልፍበት ቦታ እንደሆነ ከእህቷ ሰምታለች። አራቱም በአንድ ሰፊ ኮድ ስር ተቀብረዋል። «የባል ውሳኔ» የሚለው ጭብጥም እዚሁ ተናጋ፤ ባልየው ጅዳ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን «የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ኮድ ነው። ይህ ኮድ በአገራችን የጤናና የግብርና ጥናቶች ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። በዚህ ኮድ ስር የተቀመጡትን ጥቅሶች በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቡና እያንዳንዱን «እናትየዋ አላውቅም ብላለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በምሳሌያችን 11 ጥቅሶች አሉ። አላወቅሁም ያሉት በ2ቱ ብቻ ነው። በቀሩት 9 ጥቅሶች ውስጥ እናቶቹ ደም መፍሰስ አደገኛ መሆኑን በደንብ ያውቃሉ፣ የክትትል ቀናቸውንም ይቆጥራሉ። አውቀው ነው ያልሄዱት። ስለዚህ ይህ ኮድ ከእናቶቹ አልመጣም፤ ከጠያቂዋ ነው የመጣው። ፕሮፖዛሉን ብትከፍቱ «የግንዛቤ ማነስ» ገና የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ሳይደረግ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። አስቀድሞ የተዘጋጀ ኮድ መጠቀም ኃጢአት አይደለም። ችግሩ መረጃው ሲቃወመው አለመነሳቱ ነው።

የኮድ መዝገቡንም ጠይቁ። እያንዳንዱ ኮድ ስም፣ አጭር ፍቺ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደማይሰጥና አንድ ምሳሌ ጥቅስ ሊኖረው ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው «መቼ አይሰጥም» የሚለው ነው። እሱ የሌለው ኮድ ሁሉን ይውጣል።

ሁለት ሰው ኮድ ሰጥቶ መስማማቱን እንደ ማረጋገጫ የሚያቀርቡም አሉ። የስምምነት ቁጥሩ ከፍተኛ ነው ይላሉ። ቁጥሩ የሚነግረን ሁለቱ መስማማታቸውን ብቻ ነው። ሁለቱም አዋላጆች ከሆኑ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሥልጠና ከወሰዱ፣ አብረው ሊሳሳቱም ይችላሉ። ሁለት ቃለ መጠይቆችን ከጤና ሙያ ውጭ ላለ ሰው ሰጥቶ ማስነበብ ከዚያ የተሻለ ይገልጣል። ደግሞም ሁሉም ዘዴ ይህን ስምምነት አይጠይቅም። ብራውን እና ክላርክ የሚያራምዱት የጭብጥ ትንተና የተመራማሪውን አተረጓጎም የሥራው አካል አድርጎ ስለሚይዘው ቁጥሩን አይፈልገውም። ጥናቱን መመዘን ያለባችሁ እከተለዋለሁ ባለው መንገድ ነው። የአንዱን ስም ጠርቶ በሌላው ዘዴ የሠራ ጽሑፍ ግን ሊጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፦ የሙሌቱን ቁጥር ራሳችሁ ሥሩት

የሳቹሬሽን ሐሳብ የመጣው ግሌዘርና ስትራውስ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ካቀረቡት የግራውንድድ ቲዎሪ ዘዴ ነው። እዚያ ነገሩ «አዲስ ወሬ አልሰማሁም» ማለት አይደለም። ተመራማሪው እየተነተነ፣ ከትንተናው በመነሳት ቀጥሎ ማንን እንደሚጠይቅ እየወሰነ፣ አንዱን ሐሳብ ከሁሉም ጎኑ እስኪጠግበው ድረስ ይሄዳል ማለት ነው። ከዚህ በመነሳት የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁሌም ስለ ቀን ነው። ቃለ መጠይቆቹ መቼ ተደረጉ? ኮድ መስጠት መቼ ተጀመረ? 12ቱም በአንድ ሳምንት አልቀው ኮዲንጉ ከወር በኋላ ደሴ ላይ ከተጀመረ፣ በ12ኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ሙሌት መድረሱ በምን ታወቀ? ፕሮፖዛሉ ላይ «12» ተብሎ ተወስኖ ጥናቱም ልክ በ12 ሞላ ከተባለም ያው ነው፤ የሞላው ዕቅዱ ነው።

ከዚያ «12» የሚለው ቁጥር ራሱ ከየት እንደመጣ እንይ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጌስትና ባልደረቦቹ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጽሑፍ ነው። ጋናና ናይጄሪያ ውስጥ ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን መልሰው ሲያዩ፣ አብዛኛው ኮድ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መገኘቱን አዩ። ነገር ግን ሴቶቹ በኑሮ የሚቀራረቡ ነበሩ፤ የተጠየቁትም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበር። ይህን ቁጥር ከዳገትና ከቆላ፣ ከመጀመሪያ ወላድና ከሰባት ልጅ እናት በተውጣጣ ናሙና ላይ መለጠፍ አይቻልም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሄኒንክና ባልደረቦቿ ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩ። በእነሱ መረጃ ኮዶቹን በስም ለማወቅ 9 ቃለ መጠይቅ በቃ። የኮዶቹን ትርጉም በጥልቀት ለመረዳት ግን ከ16 እስከ 24 አስፈለገ። ሰው የሚለውን መስማትና ለምን እንደሚል መረዳት የተለያየ ጊዜ ይወስዳል።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ጌስት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው መንገድ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ቃለ መጠይቆች መነሻ አድርጉና በውስጣቸው ያሉትን የተለያዩ ኮዶች ቁጠሩ። ከዚያ ሁለት ሁለት ቃለ መጠይቅ እየወሰዳችሁ አዳዲስ ኮዶችን ብቻ ቁጠሩና ለመነሻው አካፍሉ። 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን አዲስ ነገር እየቀነሰ ነው ይባላል። የእኛ ምሳሌ ይህን ይመስላል፦

- ከ1 እስከ 4፦ 20 ኮዶች፣ መነሻ
- 5 እና 6፦ 3 አዲስ፣ 15 በመቶ
- 7 እና 8፦ 2 አዲስ፣ 10 በመቶ
- 9 እና 10፦ 1 አዲስ፣ 5 በመቶ
- 11 እና 12፦ 0

ሲታይ ያምራል። ተማሪዋ አልዋሸችም። ነገር ግን አማካሪዋ «ከገደሉ ማዶ ሁለት እናቶች ጨምሪ፤ ጤና ኬላውን ሳታስገቢ በዱበርቲዎቹ በኩል ፈልጊያቸው» አላት እንበል። ሄደች። 13ኛዋና 14ኛዋ ሁለቱም ከዚህ በፊት ጤና ጣቢያ የወለዱ ሆኑ። አንዷ ምጥ ላይ እያለች እንደተቆጧት ተናገረች። ሌላዋ አምቡላንሱ ወስዷት፣ መመለሻ ግን አጥታ አራስ ገላዋን ይዛ በእግሯ እንደተመለሰች አወራች። ቤትና ከብት የሚጠብቅ ሰው ማጣትም ተነሳ። በጠቅላላው 5 አዳዲስ ኮዶች መጡ። 5 ለ20 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ዜሮ ላይ ያረፈው መስመር ከመጀመሪያው በላይ ተነሳ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዜሮው እውነት ነበር፤ ግን የሞላው በአንድ በር የገቡ እናቶች ሐሳብ ነው። ሁለተኛ፣ ስሌቱ በኮዱ ስፋት ይጫወታል። «የትራንስፖርት ችግር» የሚለው ሰፊ ኮድ የአምቡላንስ መመለሻ ማጣትንም ቢውጠው ኖሮ 25 በመቶው ወደ 20 በወረደ ነበር። ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ሁለተኛውን ደረጃ መጨረስ ያለባችሁ ለዚህ ነው። 5 በመቶ የሚለው ወሰንም ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

አራተኛ፦ ጠያቂዋን እንደ መረጃው አካል አንብቧት

ብዙ ጽሑፍ ላይ ይህ ክፍል ሦስት መስመር ነው። «ተመራማሪዋ አዋላጅ ነርስ ናት። የግል አመለካከቷን ወደ ጎን በመተው መረጃ ሰብስባለች።» ወደ ጎን መተው አይቻልም። እናትየዋ ፊት የተቀመጠችው ጋዋን ለብሳ ያየቻት፣ ነገ ልጇ ቢታመም የምታገኛት ሰው ናት። ጥያቄው አዋላጅነቷ ምን ለወጠ የሚለው ነው።

ይህን በጽሑፉ ላይ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ የጥያቄውን አነጋገር እዩ። ተማሪዋ የጀመረችው «ክትትል አድርገሽ ሳለ ለምን ጤና ጣቢያ አልመጣሽም?» ብላ ነው። ይህ ክስ ነው፤ ለክስ የሚሰጠውም መልስ ሰበብ ነው። መንገድ፣ መኪና፣ ባል። ሦስቱ ጭብጦቿ ከሰበብ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰሉ እዩ። «ምጥሽ ከጀመረሽ ሰዓት አንስቶ የሆነውን ሁሉ ንገሪኝ» ብትል ኖሮ ስልኩ ማን ጋ እንደነበር በሁለተኛው ደቂቃ ትሰማለች።

ቀጥሎ የመልሱን ድምፅ አዳምጡ። «እናንተ እንዳስተማራችሁን ጤና ጣቢያ መውለድ ጥሩ ነው» የሚል መልስ ከበዛ እናትየዋ የምትናገረው ትምህርቱን ነው። መልሶች አጭር ሆነው የጠያቂዋ ንግግር ከረዘመም ምልክት ነው። በ12ቱ ቃለ መጠይቆች ውስጥ ስለ ጤና ጣቢያው አንድም ክፉ ቃል ካልተነገረና 13ኛዋ፣ ቤቷ ውስጥ ስትጠየቅ፣ ቁጣውን ካነሳች፣ የጠያቂዋን ጥላ በዓይናችሁ አያችሁት ማለት ነው። መቅጃው ከተዘጋ በኋላ፣ በሽኝት ላይ የተባለ ነገር በማስታወሻ ተጽፎ እንደሆነም ጠይቁ። ወሎ ውስጥ ዋናው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ነው የሚመጣው።

ጥሩ ራስን መፈተሽ የሚታወቀው በተጻፈ ቀንና በተለወጠ ሥራ ነው። «ከ3ኛው ቃለ መጠይቅ በኋላ ጥያቄው እንደሚከስስ ተረዳሁ፤ ከ4ኛው ጀምሮ እንዲህ ለወጥኩት» የሚል ማስታወሻ ከአንድ ገጽ የእምነት መግለጫ ይበልጣል። ቦታ መቀየር፣ ጠያቂ መቀየር፣ ኬሚሴ አካባቢ ኦሮምኛ የምትናገር እናት ስትገኝ አስተርጓሚው ማን እንደነበር መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ ሊታዩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በሌላ በኩል ተመራማሪዋ አዋላጅ መሆኗ ብቻውን ጥናቱን አይጥለውም። እናት ስለ እንግዴ ልጅ መዘግየት ስትናገር ምን ማለቷ እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ያንንም ጥቅም መጻፍ አለባት።

ውሳኔው

አራቱን ከጨረሳችሁ በኋላ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ብላችሁ አታትሙት። የምትጽፉት ጥናቱ ምን ማለት እንደሚችል ነው። እንደ ኮሬክ ያለ 32 ነጥብ ያለው የማረጋገጫ ዝርዝር አንድ ነገር መጻፉን እንጂ በደንብ መሠራቱን አያሳይም፤ ስለዚህ ሁሉም ነጥብ ምልክት ቢደረግበትም ውሳኔው የእናንተው ነው።

ለተማሪዋ እኔ የምጽፈው ይህን ነው። የመጀመሪያዎቹ 12 ስለ መንገድ ዳር እናቶችና ለጤና ሠራተኛ ስለሚነገር ምክንያት ይናገራሉ፤ ይህም የራሱ ዋጋ አለው። ርዕሱ ግን ከዚያ ይሰፋል። ወይ ርዕሱ ይጥበብ፣ ወይ ከማዶው ጎጥ ሌላ አራት እስከ ስድስት እናቶች፣ በቤታቸው፣ ጤና ባለሙያ ባልሆነች ጠያቂ ይጠየቁ። «የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ኮድ ይፈታና 9ኙ ጥቅሶች እንደገና ኮድ ይሰጣቸው። የቃለ መጠይቁና የኮዲንጉ ቀናት በአባሪ ይግቡ። ገንዘብ ካለቀ ወይም መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋ ያንኑ ትጻፍ፤ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ነው። «ሳቹሬሽን» የሚለውን ቃል ግን ታውጣው።

ዲፌንስ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ የምትጠይቁበት ጊዜ ካላችሁ፣ ስለ ቀኑ ጠይቁ፦ «የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ኮድ የሰጠሽው ስንተኛውን ከማድረግሽ በፊት ነው?» መልሱ «ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ» ከሆነ ስለ ሙሌቱ ሌላ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። «ከ5ኛው በፊት» ካለች ደግሞ ያ ኮድ ቀጥሎ የጠየቀቻትን እናት እንዴት እንዳስመረጣት ትንገራችሁ።